«አቶ እከሌ ነግረውኝ ነው» ብሎ የሚጀምር መልእክት

አንድ ትልቅ የሥራ ኃላፊ ስልኩን ያያል። የማያውቃት ሴት ጽፋለታለች። «አቶ እከሌ ስለ እርስዎ ነግረውኝ ነው የምጽፍልዎት» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ቀጥሎ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? የቀረውን አንብቦ የሥራውን ዝርዝር የሚመረምር? አይደለም። ለአቶ እከሌ ይደውላል። «አንዲት መልማይ ስምህን ጠርታ ጻፈችልኝ። ታውቃታለህ እንዴ?»

የመልእክቱ ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ስልክ ላይ ነው። አቶ እከሌ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳት» ካለ በሩ ተከፈተ። «ማናት እሷ? ኧረ እኔ ስምህንም አላነሳሁ» ካለ ግን አለቀ። ለዚህ ሥራ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ዓመታትም አለቀ። ሰውየው የመልማይዋን ስም ይይዘዋል፣ አቶ እከሌም ይይዘዋል።

ሥራዬ ከፍተኛ ኃላፊዎችን ማፈላለግ ነው። ኩባንያዎች የሚከፍሉን ሥራ የሚፈልግ ሰው እንድናመጣላቸው አይደለም። እሱን በማስታወቂያም ያገኙታል። የሚከፍሉን ወንበሩ ላይ ተመችቶት የተቀመጠ፣ ሲቪውን ለዓመታት ያልነካ ሰው ጋ እንድንደርስ ነው። እዚያ ከሚያደርሱት መንገዶች ሁሉ የሚሻለው በጋራ በሚያውቁት ሰው በኩል መሄድ ነው። በቀላሉ የሚበላሸውም እሱው ነው።

እነዚህ ሰዎች ለምን አይገኙም? ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው ይባላል። እሱም አለ። ጸሐፊ ኢሜይላቸውን ቀድማ ታያለች፣ ስልካቸውን ታነሳለች፣ የማታውቀውን ስም ወደ ጎን ታደርጋለች። ዋናው ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። ከመልማይ ጋር ማውራታቸው ከተሰማ ወንበራቸው ይነቃነቃል። ቦርዱ «ሊሄድ ነው» ብሎ ተተኪ ማሰብ ይጀምራል። በእነሱ ሥር ያሉት ሰዎች ደግሞ አለቃቸውን ትተው ወሬውን መከታተል ይጀምራሉ። ስለዚህ ዝምታቸውን እንደ ንቀት አልቆጥረውም። ብዙውን ጊዜ ጥንቃቄ ነው።

ፍርሃቱን የማይረዳ መልማይ መልእክቱን በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይልካል። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የአሠሪው ነው። ጸሐፊ ልታነበው፣ የአይቲ ክፍል ሊያየው ይችላል። ሌላ ቦታ ስላለ ሥራ በዚያ አድራሻ መጻፍ በሰውየው ቢሮ በር ላይ ወረቀት እንደመለጠፍ ነው። ሊንክድኢን ላይ በሚከፈልበት ኢንሜይል መጻፍም ይቻላል። ግን ብዙ ትልልቅ ኃላፊዎች ገጻቸውን ራሳቸው አይከፍቱትም። የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ የሚይዝላቸውም አሉ።

የጋራ ትውውቅ ይህን ፍርሃት ያቀልላል። መልእክቱ ሰውየው በሚያምነው መንገድ፣ በግል አድራሻው፣ ምስጢር መያዙን በሚያውቀው ሰው በኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ ከምንም በፊት የሚመረጠው ያ ሰው ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። የማንንም ማንነት እንዳይነካ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። በ3 አገሮች ዕቃ የሚያጓጉዝ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ይፈልጋል። የምናስባት ሴት፣ ወይዘሮ እከሊት እንበላት፣ ሌላ ኩባንያ ውስጥ በዚያው ቦታ 6 ዓመት ሠርታለች። ለመልማይ መልስ ሰጥታ አታውቅም። እሷን የሚያውቁ አራት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው የአሁኑ ኩባንያዋ ሥራ አስኪያጅ ጓደኛ ነው። ሁለተኛዋ በእሷ ሥር የምትሠራ የሂሳብ ኃላፊ ናት። ሦስተኛው ኩባንያዋን የሚያማክር የባንክ ሰው ነው። አራተኛው የቀድሞ አለቃዋ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ጀማሪ መልማይ የባንኩን ሰው ይመርጣል። ስሙ ትልቅ ነው፣ በየሳምንቱ ያገኛታል። እኔ ግን አልነካውም። ከኩባንያዋ እንጀራ የሚበላ ሰው የኩባንያውን ቁልፍ ሰው ለመልማይ ካስተዋወቀ ራሱ ችግር ውስጥ ይገባል። እሷም ይህን ስለምታውቅ «ይሄ ሰው ምን ነካው?» ትላለች። የሥራ አስኪያጁ ጓደኛ ጭራሽ አይታሰብም፤ ወሬው እራት ሳይደርስ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይደርሳል። በሥሯ ያለችው ሴት ደግሞ የአለቃዋ መሄድ ይጠቅማታል፣ ወይም ይጎዳታል። ሁለቱም መጥፎ ነው። የቀሩት ጡረተኛው አለቃ ናቸው። የሚያገኟት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የሚያተርፉት ነገር የለም፣ የሚያጡትም የለም።

«በዓመት አንዴ የሚገናኝ ሰው ምን ትውውቅ ይባላል?» የሚል ይኖራል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር አለ። በትውውቅ ሥራ ያገኙ ሰዎችን፣ ወሬውን ያደረሰላቸውን ሰው ምን ያህል ያገኙት እንደነበር ጠየቃቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም በታች ነው ያሉት። የቅርብ ሰው አንተ የምታውቀውን ነው የሚያውቀው። ራቅ ያለው ግን ከሌላ ዓለም ወሬ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን እሱ ያጠናው ወሬ እንዴት እንደሚደርስ ነው። እኔ ከወሬው በተጨማሪ እምነት ያስፈልገኛል። ስለዚህ የምፈልገው ዛሬ ራቅ ያለ፣ ድሮ ግን አብሮ የለፋ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ካርድ የተለዋወጠ ሰው አይሆነኝም።

ይህን የማረጋግጠው በሁለት ጥያቄ ነው። ጡረተኛው ሰውዬ ጋ ደውዬ «መጨረሻ ያወራችሁት መቼ ነው?» አልኳቸው። ከዚያ «አሁን ቢደውሉላት ታነሳለች?» ብዬ ጨመርኩ። ሰው «አውቃታለሁ» ለማለት ይቸኩላል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ድምፁ ይለወጣል። «እ… ጸሐፊዋ ጋ ብትደውዪ ይሻላል» ካለ ትውውቁ ቀጭን ነው። እኚህ ሰው ሳቁ። «ካላነሳችም በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሳ ትደውላለች» አሉኝ።

ከዚያ ሦስተኛ ጥያቄ መጣ፤ የመልእክቱን ሥጋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። «ስትሠራ ያዩትን አንድ ነገር ይንገሩኝ።» ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት የሚለውን አልፈልገውም። ያዩትን ነው የምፈልገው። ሁለት ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ሁለቱን የሂሳብ ሥርዓት በ11 ወር ውስጥ አንድ እንዳደረገችው ነገሩኝ። ሁሉም ሰው ሁለት ዓመት ይፈጃል ብሎ ነበር አሉ። ይቺን ያዝኳት።

አሁን መጻፍ ይጀመራል። እዚህ ላይ ራሴን በራሴ የቀጣሁበትን ነገር ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ አገናኝ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። ከላይ ለእሱ ብቻ የሚሆን ነገር አለ። «ሰውየው ከቦርድ ሰብሳቢው ጋር አልተስማማም ሲባል ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ አሁን ይሰማናል ብዬ ነው» ብያለሁ። ከታች ደግሞ ለሰውየው የሚተላለፈው ጨዋ ጽሑፍ አለ። አገናኙ ቅን ሰው ነበር። ሁሉንም እንዳለ ፎርዋርድ አደረገው። ሰውየው ወደ ታች ወረድ ብሎ ስለ ራሱ የተወራውን አነበበ። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነበር፦ «ስለ እኔ ከማን እንደሰሙ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ኢሜይል ነው የምልከው። የመጀመሪያው ለአገናኙ ብቻ ነው፤ አጭር ነው፣ ወደ ሌላ ቢሄድም የማያሳፍር ነው። ለጡረተኛው አለቃ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እከሌ። ትናንት በስልክ እንደተነጋገርነው ወይዘሮ እከሊትን ስለ አንድ የፋይናንስ ኃላፊነት ቦታ ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ። ቢመችዎት ቀጥሎ የምልክልዎትን አጭር ኢሜይል በግል አድራሻቸው ያስተላልፉልኝ። ስልካቸውን እንዲሰጡኝ አልጠይቅም፤ እሳቸው ከፈቀዱ ይበቃኛል። ካልመሰለዎትም አንድ ቃል ይንገሩኝ፤ ስምዎን የትም አላነሳም።»

ሁለተኛው በአዲስ ክር፣ ከሥሩ ምንም ሳይኖር ይሄዳል። አድራሻው ለአገናኙ ነው፤ የተጻፈው ግን እሷ እንድታነበው ነው፦

«አቶ እከሌ፣ ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ። የፋይናንስ ኃላፊ የምፈልግለት ኩባንያ በተለያዩ አገሮች ዕቃ ያጓጉዛል። የየአገሩ ሂሳብ የሚያዘው በተለያየ ሥርዓት ነው፣ ወደ አንድ መምጣት አለበት። ወይዘሮ እከሊትን ያሰብኳቸው፣ ሁለት ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ይህንኑ ሥራ በ11 ወር እንደጨረሱት ስለነገሩኝ ነው። የኩባንያውን ስም በጽሑፍ አልጠራም፤ በስልክ ግን መጀመሪያ የምነግራቸው እሱን ነው። ሲቪ አልጠይቅም። በፈለጉት ሰዓት 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ ይበቃኛል። ካልፈለጉ ለእርስዎ “አይሆንም” ይበሉዎት፤ ሁለተኛ አልጽፍም።»

እዚህ ውስጥ ከሥራው ማስታወቂያ የተገለበጠ ነገር የለም። ስለ ደመወዝ፣ «ስመ ጥር» ስለሚባል ኩባንያ፣ «ለሥራ ሕይወትዎ ትልቅ ዕድል» ስለሚባል ነገር ምንም አልተነሳም። ያለው አንድ ችግር ነው፤ እሷ ከዚህ በፊት የፈታችው ዓይነት ችግር። ይህን ስታነብ «ለምን እኔ?» ለሚለው ጥያቄዋ መልስ አላት። መልሱን ደግሞ የሚመሰክርላት ሰው ከላይ በስሙ ተቀምጧል። መልእክቱ ለሌላ ሃምሳ ሰው ሊላክ የሚችል ከሆነ አገናኙ ፖስተኛ ሆነ ማለት ነው። እሷ ይህ ወዲያው ይገባታል።

መጀመሪያ በጻፍኩት ረቂቅ ውስጥ የኩባንያው መሥራች ከሥራ ሊወጡ መሆኑንና አዲስ ባለአክሲዮን ሊገባ መሆኑን ጨምሬ ነበር። ጥሩ ማጥመጃ ነው። ሰረዝኩት። የአገሮቹን ቁጥርም «በተለያዩ» ብዬ ለወጥኩት። እንዲተላለፍ የተጻፈ ኢሜይል የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። በዘርፉ ያለ ሰው ሁለት ሦስት ፍንጭ ደምሮ ኩባንያውን ያውቀዋል። ስሙን ደብቄ ምስጢሩን ባወጣ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ከመላኬ በፊት ጽሑፉን ለደንበኛዬ አሳያለሁ።

አገናኙ ከላይ የሚጨምረውን ቃል ግን እኔ አልጽፍለትም። «እንዲህ ብለው ይላኩልኝ» የሚሉ መልማዮች አሉ። ያስታውቃል። ሰው የሚያውቀውን ሰው አጻጻፍ ያውቃል። እኚህ ሰውዬ የጨመሩት ይህን ነበር፦ «ሰላም ነሽ? ይቺን ልጅ አነጋግሬያታለሁ፣ ሰው አታስቸግርም። ከታች ያለውን እይውና ካልፈለግሽ ተይው፣ እኔ አይከፋኝም።» የእኔ ሙሉ ደብዳቤ የዚህን ያህል አይሠራም። በተለይ «እኔ አይከፋኝም» የምትለዋ። ወይዘሮ እከሊት ለቀድሞ አለቃዋ ይሉኝታ አለባት። በይሉኝታ የተሰጠ 20 ደቂቃ ደግሞ ለእኔ አይጠቅመኝም፤ «እሺ፣ እሺ» ብላ ዘግታ ትረሳዋለች። ሰውየው ይሉኝታውን ሲያነሱላት፣ ከመለሰች የምትመልሰው ፈልጋ ነው።

በሦስተኛው ቀን መለሰችላቸው። «ስልኬን ይስጧት» ብቻ።

በዚያው ቀን ነው የምጽፈው። አንድ ሳምንት ባሳድር የሰውየው ቃል ይቀዘቅዛል፣ እሷም «ያን ያህል የፈለጉኝ አይደለም» ትላለች። ግን የስልክ መልእክት ሌላ አደጋ አለው። ስልክ ተቆልፎም ቢሆን የመልእክቱን መጀመሪያ ሊያሳይ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ፣ አጠገቧ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ። «ስለ አዲሱ የፋይናንስ ኃላፊነት ቦታ» የሚል መስመር ብልጭ ቢልስ? ስለዚህ «ሥራ» የሚል ቃል የለበትም፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እከሊት። አቶ እከሌ በፈቃድዎ ስልክዎን ሰጥተውኛል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት 20 ደቂቃ የሚመችዎትን ሰዓት ይጻፉልኝ፤ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ።»

«በፈቃድዎ» የምትለዋን ቃል አልተዋትም። ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እንዳልሆነ ትነግራታለች።

አገናኙ በአንድ ኢሜይል ሁለታችንን ያገናኘን ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያ አመስግኜ እሱን ወደ ቢሲሲ አወርደዋለሁ። ምስጋናውን ያያል፤ ከዚያ በኋላ «ማክሰኞ ይሻላል ወይስ ሐሙስ» የሚለው ምልልስ አይደርሰውም። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የእሱ አይደለም። እሷ ለሥራው መወዳደሯን ወይም አለመወዳደሯን እሱ ከእኔ ማወቅ የለበትም። ምስክርነት እንዲሰጥልኝም እሷ ሳትፈቅድ መልሼ አልጠይቀውም።

ጸሐፊዋ ጋ መደወል ካስፈለገስ? አልዋሽም፣ አልዘረዝርም። «አቶ እከሌ ያስተዋወቁን ነን፣ የግል ጉዳይ ነው፣ ወይዘሮ እከሊት ያውቁታል» ይበቃል። ይህ የሚባለው ግን በትክክል ካወቁት ብቻ ነው።

ለስልክ መልእክቱ መልስ ባይመጣስ? ከሳምንት እስከ 10 ቀን ጠብቄ አንዴ አስታውሳለሁ፤ ያም ከእኔ ነው የሚሄደው። አገናኙን «እስቲ ይንገሩልኝ» ብዬ አልጎተጉትም። አንድ ጊዜ ስሙን አበድሮኛል፣ ደጋግሜ ባስጠራው ይረክሳል። ከሁለተኛው ዝምታ በኋላ አቆማለሁ።

ትውውቅ የማያሻግረው ነገርም አለ። መልማይ ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው ጋር «የእናንተን ሰው አንነካም» የሚል ስምምነት አላቸው። ወይዘሮ እከሊት የምትሠራበት ኩባንያ የድርጅታችን ደንበኛ ቢሆን ኖሮ፣ ጡረተኛው አለቃ እጇን ይዘው ቢያመጧትም ላነጋግራት አልችልም ነበር። ደግሞም ትውውቅ መልእክቱን ያስነብባል እንጂ ሥራውን አያስወድድም።

ስልኩ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እንደጠበቅኩት ነበር። «ኩባንያው ማነው?» ነገርኳት። ይህን ቃል በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። «በመጀመሪያ ስለ ራስዎ ትንሽ ይንገሩኝ» ብዬ ባዞረው ኖሮ ውይይቱ እዚያው ይሞት ነበር። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስለ ሂሳቡ ሥርዓት ጠየቀችኝ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ኦዲተሩ ምን አስተያየት እንደሰጠ፣ ካሁን በፊት ለማዋሃድ ተሞክሮ እንደነበር። ስለ ደመወዝ አልጠየቀችም። ሰው ስለ ችግሩ ሲጠይቅ በልቡ መሥራት ጀምሯል። 20 ደቂቃው 50 ሆነ። መጨረሻ ላይ ግን «የዓመቱን ሂሳብ ሳልዘጋ ስለዚህ ነገር አላስብም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደውዪልኝ» አለችኝ። ደንበኛዬ ተበሳጨ። እኔ ቀኑን ያዝኩ።

በመሃል ጡረተኛው ሰውዬ ደወሉልኝ። «እሺ፣ ያ ነገር ምን ደረሰ?»

«ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ፤ ተነጋግረናል» አልኳቸው።

«እና?»

«ተነጋግረናል።»

ትንሽ ጠበቁኝ። ሌላ ምንም እንደማልጨምር ሲገባቸው ሳቁ። «ደግ አደረግሽ። እኔንም የሚፈልግ ሲመጣ እንዲሁ ዝም በይ» አሉኝ።